ሦስት ዙር ገመድ

ወንድሜ ፍሮምሳ በመርከብ ተራራ ወጥቶ ወርዷል ስል የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ሲግናል ሰፈር ባለችው የጽሕፈትና የትርጉም ቤቴ ወረቀት ሊያስተረጉሙ የሚመጡ፣ ዲግሪ የደራረቡ ሰዎች ጭምር ይስቃሉ። መርከብ ባሕር ላይ እንጂ ዳገት ላይ ምን ያደርጋል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ብዙም አልተሰጠኝም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ እላለሁ፤ ያልተቀመጠ ሰው ወረቀቱ እስከ ነገ ያድራል። አሁን ግን በቃል መደጋገሙ ስለሰለቸኝ ጽፌ ላስቀምጠው። ከእንግዲህ የሚስቅ ሰው ሲመጣ ይህን እሰጠዋለሁ።

ኡርጂ ኢዶሳ እባላለሁ። የተወለድነው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ የባሕር ዛፉ ጫካ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። አባታችን ኢዶሳ መሪ በሚባለው ሰፈር ገብስ ያርስ የነበረ ሰው ነው። ማሳው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ፤ ዛሬም በዚያ ሰፈር ባለፈ ቁጥር የትኛው ሕንጻ የትኛው ትልም ላይ እንደቆመ ይነግርሃል። እናታችን ዳርቱ ግን ማሳም ደሞዝም አልነበራትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችን።

እማዬ ሁለት ሙያ ነበራት። አንደኛው ማሰር ነው። እሷ ያሰረችው ሸክም ከጫካው እስከ ገበያው ድረስ አንዲት ጭራሮ አይጥልም። ሌሎቹ ሴቶች መንገድ ላይ እየቆሙ ገመድ ሲያጠባብቁ እሷ አልፋቸው ትሄዳለች። እኛ ቤት የላላ ገመድ ነውር ነው። እኔና ፍሮምሳ ከትምህርት ቤት መልስ ትንንሽ ሸክም እናመጣ ስለነበር፣ ሸክማችን ከተንሸራተተ እራት ላይ ሳይቀር ስሙ ይነሳል።

ሁለተኛው ሙያዋ ማውረድ ነው። ከላይ ካለው ጫካ ወደ ታች ስንመጣ አንድ ቀጥ ያለ ገደል አለ። በእግር ለመውረድ እንኳ በእጅ የሚያስይዝ ነው፤ ሸክም ተሸክሞማ የማይታሰብ። ስለዚህ ሴቶቹ መጀመሪያ እንጨቱን በገመድ ያወርዱታል፣ ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይከተላሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። እማዬ የሸክሙን ገመድ ጉቶው ላይ ትጠመጥመውና ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ በቀስ ትለቀዋለች። ክብደቱን የሚሸከመው ጉቶው ነው፤ የእጇ ሥራ መቼ እንደሚለቅ መንገር ብቻ ነው። ደረቅ እንጨት ሁለት ዙር፣ እርጥብ እንጨት ሦስት ዙር። እጅሽ ጉቶው ጋ አይጠጋ፣ እግርሽ የገመዱ ቀለበት ውስጥ አይግባ፣ ጭራሽ ደግሞ እንዳታስሪው ትለኛለች። የታሰረ ሸክም ገደሉ መሃል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ከመቁረጥ ሌላ መላ የለም።

ጉልበቷ እምቢ ሲላት እንጨቱን ተወችው። ከእንጨቱ ጋር ስሙንም ተወችው። ገመዱን በማዳበሪያ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው። አዲስ ጎረቤት ምን ይሠሩ ነበር ብሎ ሲጠይቃት፣ ንግድ ላይ ነበርኩ ትላለች። ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። እኔ እናቴ እንጨት ተሸክማ እዚህ አደረሰችኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ስናገር፣ እሷ ክንዴን ቆንጥጣ ዝም ታሰኘኛለች። እንጨት ለቃሚ መባል ያን ያህል አስመርሯት ነበር፣ እኔም ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ፍሮምሳ ባሕር ዳር ሄዶ የመርከብ ሥራ ተማረ። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ መርከብ ሲጠብቅ ከረመ፤ ሰፈሩ ሁሉ መርከቡ የታለ እያለ አላገጠበት። በመጨረሻ ተራ መርከበኛ ሆኖ የተቀጠረው፣ ርዝመቷ ሰማንያ ስምንት ሜትር በሆነች፣ ስዊድን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ተነሥታ የተሰነጠቀ ጣውላ ወደ ባሕር በምታወርድ መርከብ ላይ ነው። ከእንጨት ሸሽተህ እንጨት ላይ ወደቅክ ብዬ ሳቅኩበት። እሱ ግን እንዴት ደስ እንዳለው አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። ያ ሐይቅ ከባሕር ወለል አርባ አራት ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። በሐይቁና በባሕሩ መካከል ያለው ወንዝ ፏፏቴ ስላለው መርከብ አያሳልፍም። ስለዚህ ከወንዙ ጎን ቦይ ቆፍረው ስድስት ደረጃ ሠሩለት። እያንዳንዱን ደረጃ መርከበኞቹ ሎክ ይሉታል። ሎክ ማለት በሁለት ወገን በር ያለው ትልቅ ገንዳ ነው፤ አንዱ በር ወደ ላይኛው ውሃ፣ ሌላው ወደ ታችኛው ውሃ ይከፈታል። ወደ ላይ የሚሄድ መርከብ በታችኛው በር ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ ከላይኛው ውሃ ወደ ገንዳው የሚያስገቡ መተላለፊያዎች ይከፈታሉ። ገንዳው ይሞላል፣ መርከቡም ከውሃው ጋር ከፍ ይላል። ውሃው ከላይኛው ጋር እኩል ሲሆን ከፊቱ ያለው በር ይከፈትለትና ይወጣል። ሲወርድ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፤ በሞላው ገንዳ ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ታች ይለቀቃል፣ መርከቡ አብሮ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ለእማዬ በስልክ ሲያስረዳት እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ውሃውን ማን ነው የሚገፋው ብላ ጠየቀችው። ማንም አይገፋውም አላት፤ ፓምፕ የለም፣ ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ራሱ ይሄዳል። በሩንም አጥብቆ የሚዘጋው ውሃው ነው። ሁለቱ ክንፎች ወደ ላይኛው ውሃ ሹል ሆነው ስለሚገጥሙ ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃሉ፣ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም አይከፍታቸውም። እማዬ ትንሽ አሰበችና ታዲያ የሚደክመው ማን ነው አለች። ማንም አይደክምም አላት። እሷም እንዲህ ያለ ዳገት እኛም ጋ ቢኖር ጥሩ ነበር ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

ማንም አይደክምም ያለው ግን ገና ሽቅብ ብቻ ወጥቶ ነው። ባዶ መርከብ ይዞ ሲወጣ ገመዱ እየላላ ስለሚመጣ መሰብሰብ ብቻ ነው ሥራው። መርከቡ ገንዳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንዳይሄድ ከፊትም ከኋላም በገመድ ይያዛል፤ ገመዱ ከግድግዳው አናት ላይ ካለ ብረት ተያይዞ መርከቡ ላይ ወዳሉት ጥንድ የብረት ጉቶዎች ይመጣል። በግራና በቀኝ በመርከቡና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ቦታ ስንዝር ገደማ ነው። በፊትና በኋላም ቢሆን ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው ትርፉ።

ጣውላውን ጭነው የመጀመሪያውን ሎክ ሲወርዱ፣ ከፊት ካሉት ገመዶች ዋናው በሞተር ይያዝ ነበር፤ ሁለተኛውን በእጁ እንዲቆጣጠር ለፍሮምሳ ሰጡት። ምክትሉ፣ ማለትም ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለው መኮንን፣ ገመዱን ጉቶው ላይ ጠምጥሞ ካሳየው በኋላ ሌላኛውን ጎን ለማየት ሄደ። ውሃው መውረድ ጀመረ። መርከቡም ወረደ። ፍሮምሳ ገመዱ ጉቶው ላይ በትንሽ በትንሹ ሲንሸራተት አየ።

እኛ ቤት ያደገ ሰው የሚንሸራተት ገመድ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ነግሬያችኋለሁ። ወንድሜን ኀፍረት ያዘው። በሦስተኛ ሳምንቱ፣ በመጀመሪያ መርከቡ፣ ከእጁ ገመድ ሲያመልጥ ሊያዩት ሆነ። ስለዚህ አሰረው። የእማዬን የሸክም እስራት፣ ያንን አንዲት ጭራሮ የማይጥለውን፣ በብረቱ ላይ ደጋግሞ አሰረውና ቀና ብሎ ቆመ። ምስጋና እየጠበቀ ነበር ብሎኛል፤ ይህን ሲነግረኝ ራሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ውሃው አይጠብቅም። ወረደ። ሦስት ሺህ ቶን መርከብ አብሮት ሊወርድ ሲል ያ ገመድ ያዘው። ገመዱ እንደ ብረት ዘንግ ተወጠረ፣ መንጫጫት ጀመረ፣ መርከቡ በአንድ ጎኑ ዘንበል አለ። ምክትሉ እየሮጠ መጥቶ ፍሮምሳን በትከሻው ገፍቶ ከገመዱ መስመር አወጣውና ውሃውን ለሚቆጣጠሩት ሰዎች በሬዲዮ አቁሙ አለ። እንዲህ የተወጠረ ገመድ ከተበጠሰ እየተገረፈ ይመለሳል፤ ያገኘውን ሰው አጥንቱን ይሰብራል፣ ይገድላልም። እስራቱን ሊፈቱት ሞከሩ፣ ማንም አልቻለም። በመጨረሻ ከላይ ትንሽ ውሃ ወደ ገንዳው መልሰው ለቀቁ። መርከቡ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ሲል ገመዱ ላላ፣ ያን ጊዜ ተፈታ።

ካፒቴኑ ሽማግሌ ነው፣ አይጮህም። ፍሮምሳን አስጠርቶ ከእንግዲህ ገመድ እንዳይነካ ነገረው። ወደቡ ሲደርሱ ደግሞ ትኬት ተቆርጦለት ወደ አገሩ እንደሚመለስ ነገረው። ወደቡ ለመድረስ የቀሩት አምስት ሎኮች ናቸው። ከመጀመሪያ መርከቡ በሦስተኛ ሳምንቱ የተባረረን ተራ መርከበኛ ማን መልሶ ይቀጥረዋል? ባሕር ዳር የተማረው፣ አንድ ዓመት የጠበቀው፣ ሰፈሩ ያላገጠበት ሁሉ በአምስት ሎክ ሊያልቅ ነው። ሁለተኛውን ሎክ ሲወርዱ ገመድ ሳይነካ፣ ጎማ ይዞ መርከቡ ግድግዳውን እንዳይነካ ሲጠብቅ ነበር።

ከሁለተኛው ሎክ በታች ትንሽ ሰፋ ያለ የውሃ ማቆያ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ሎኮች እንደ ደረጃ የተያያዙ ናቸው፤ የአንዱ የታች በር ለሚቀጥለው የላይ በር ነው፣ ከአንዱ የሚለቀቀው ውሃም የታችኛውን ይሞላል። ሌሎች መርከቦች ሽቅብ እየወጡ ስለነበር ማቆያው ላይ ቆመው ተራ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ፍሮምሳ የዚያን ጊዜ ነው በድምፅ መልእክት ሁሉንም የነገረኝ። እማዬ እንዳትሰማ አለኝ።

እኔ ደግሞ ምስጢር አይቋጠርልኝም። ያን ቀን ቅዳሜ ስለነበር እናቴ ቤት ነበርኩ። ፊቴን አይታ ምን ሆነ አለችኝ፣ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ስልኩን አምጪው አለችኝ፣ መቅጃውን ተጫንኩላት፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች። ከተወችው ጀምሮ ስለ እንጨት ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ለምን አሰርከው?" አለችው። "ሲወርድ ማን ያስራል? እኔ ያስተማርኩህ ሁለት ነገር ነው፤ አንተ አንዱን ብቻ ይዘህ ሄድክ። ገደሉ ጋ ያለውን ጉቶ ረሳኸው? ሂድና ለአለቃህ ማውረድም እንደምትችል ንገረው። ቆመህ አትታይ።"

ከዚያ ስልኩን መልሳልኝ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ልቤ በኩራትና በፍርሃት መሃል ነበር፤ ላከው ወይስ አልላከው ብዬ ትንሽ አመነታሁ። ላክሁት።

ፍሮምሳ መልእክቱን ሦስት ጊዜ እንደሰማው ነግሮኛል። ሦስተኛውን እየሰማ ሳለ ነው የፊተኛው ዊንች የተበላሸው። ዊንች ገመዱን የሚስበውና የሚይዘው ሞተር ነው። የዘይት ቱቦው ፈንድቶ ወለሉ ሁሉ ዘይት ሆነ። መለዋወጫው መርከቡ ላይ አልነበረም፤ ጠጋኝ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። ያለ ዊንች የሚወርዱ ከሆነ የፊተኛውን ዋና ገመድም በእጅ፣ በብረት ጉቶው ላይ እየጠመጠሙ መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከፊት ሁለት ሰው ይፈለጋል። አንዱ ምክትሉ ነው። ሌላው ልምድ ያለው መርከበኛ ከኋላ ያለውን ዊንች ስለሚይዝ ከዚያ አይነሳም። የቀረው ፍሮምሳ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ይህን ሲያይ እስከ ነገ እንጠብቃለን አለ።

ወንድሜ ድፍረት የሚባል ነገር ብዙ የለውም። ልጅ ሳለ ሱቅ ሄዶ መልስ እንኳ መጠየቅ ያፍር ነበር። ያን ቀን ግን ካፒቴኑ ፊት ቆሞ ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ አለ። ምክትሉ ሳቀ። ካፒቴኑ አልሳቀም፤ በምን እንመንህ አለው። ፍሮምሳም እዚሁ ማቆያው ላይ ፈትኑኝ አለ።

ፈተኑት። ገመዱን ከዳር ካለው ብረት አያይዘው መርከቡን በሞተር በጣም ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሳቡት። ፍሮምሳ ገመዱን ጥንዶቹ ጉቶዎች ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ እጁን ከብረቱ አርቆ፣ እግሩን ከገመዱ ቀለበት አውጥቶ ያዘው። ልቀቅ ሲሉት አንድ አንድ ክንድ ለቀቀ። ያዝ ሲሉት የገመዱን ጫፍ ጠበቅ አደረገና መርከቡ ቆመ። ሳያስር። ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ አስደገመውና እሺ እንወርዳለን አለ፤ ስለ ትኬቱ ግን ምንም አላነሳም።

ከሦስቱ ተያያዥ ሎኮች የመጀመሪያው ደረጃ ስምንት ሜትር ገደማ ነው፣ በሰላም ወረዱ። ውሃው ሲለቀቅ ገመዱን አብሮ ለቀቀ፤ ግድግዳው ከጎኑ እርጥብና ጥቁር ሆኖ ወደ ላይ አደገ። ከዚያ ውሃው ከሁለተኛው ጋር ሲስተካከል በሩ ተከፈተ፣ ወደ ቀጣዩ ገንዳ ገቡ፣ አዲስ ቦታ ላይ አያያዙ።

አሁን የሚመጣውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከመርከቡ ኋላ ያለው በር ከሥሩ የድንጋይ ደፍ አለው፤ ውሃ ሲሞላ አይታይም። ውሃው ሲወርድ የመርከቡ ኋላ እዚያ ደፍ ላይ ከሆነ፣ ኋላው ተቀምጦ ይቀርና ፊቱ ብቻውን ይወርዳል። መርከብ እንዲህ ይሰበራል። መርከቡን ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክለው ደግሞ ከፊት ወደ ፊት የተወጠረው ገመድ ነው። ይኸውም ፍሮምሳ እጅ ላይ ያለው።

በሁለተኛው ደረጃ ውሃው ግማሽ ሲሆን፣ ከሥር የሚወጣው ውሃ መርከቡን ወደ ፊተኛው በር ሳበው። ካፒቴኑ ለመግታት ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ ወደ ኋላ አዞረው፣ መርከቡ ግን ካሰበው በላይ ወደ ኋላ ሄደ። ደፉ የሚጀምርበትን ለማሳየት ግድግዳው ላይ የተቀባ መስመር አለ፤ የመርከቡ ኋላ ወደዚያ መስመር ይጠጋ ጀመር። ገመዱ ፍሮምሳ እጅ ውስጥ በፍጥነት መሄድ ጀመረ። ምክትሉ መስመሩን አይቶ ክው አለና እሰረው፣ እሰረው እያለ ጮኸ።

ቢያስረው መርከቡ ወደ ኋላ አይሄድም። ግን ውሃው እየወረደ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደ መጀመሪያው ይንጠለጠላል፣ ያውም ዊንች በሌለበት። ባያስረው ደግሞ የአለቃውን ትእዛዝ አልሰማም ማለት ነው፣ በዚያ ላይ የተባረረ ሰው ነው። ወንድሜ ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ይላል። እጁ ግን ገደሉ ጋ ሄደ። የገመዱን ጫፍ እንደ ጠበቀ ይዞ ሦስተኛውን ዙር ጨመረ፣ ወደ ኋላ ሰውነቱን ጣለ። ገመዱ ብረቱ ላይ ጮኸ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ መርከቡም ዘገየ፣ ከዚያም ቆመ። ከመስመሩ ሁለት ሜትር ሳይሞላ። ወዲያው ደግሞ ውሃው ሲወርድ መልሶ አንድ ክንድ ለቀቀ፣ አንድ ክንድ ያዘ። ምክትሉ አሁንም እሰረው ይል ነበር፤ ፍሮምሳም ይዤዋለሁ ጌታዬ፣ ይዤዋለሁ እያለ ገንዳው ባዶ እስኪሆን አወረደው።

በሩ ሲከፈት ምክትሉ ቀርቦ ጉቶውን አየ። ሦስት ዙር፣ አንዲትም እስራት የለም። ከዚያ ሦስተኛውን ደረጃ፣ በኋላም ወደ ባሕሩ ቅርብ የሆነውን የመጨረሻውን ሎክ ፍሮምሳ ራሱ አወረደ፣ ምክትሉም አጠገቡ ቆሞ የተለቀቀውን ገመድ ሲሰበስብለት ነበር።

ወደብ ሲደርሱ ካፒቴኑ አስጠራው። ፍሮምሳ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር የሄደው። ካፒቴኑ ግን ገመድ እንዲህ መያዝ የት እንደተማረ ጠየቀው። የትምህርት ቤቱን ስም ሲነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ በትምህርት ቤት አይሰጥም አለው። ያን ጊዜ ፍሮምሳ እውነቱን ነገረው። ሽማግሌው ሻንጣህን መልስ አለውና ወደ ወረቀቱ ዞረ።

ወንድሜ ስምንት ወር ሠርቶ ሲመጣ የካፒቴኑን የምስክር ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ለሚቀጥለው መርከብ ተቀጥሮ ነበር፤ ወረቀቱን ያመጣው ለሌላ ነገር ነው። ለእማዬ ተርጉሚላት አለኝ። ሲግናል ቤቴ ተቀምጬ እንደማንኛውም ደንበኛ ተረጎምኩት፣ ማኅተሜንም መታሁበት። የመታሁት እንባዬን እየጠረግኩ ነው፤ አላፍርበትም።

እሑድ ከሰዓት እናታችን ቤት ተሰበሰብን። አባቴ አለ፣ ፍሮምሳ አለ፣ ከአጥር ወዲያ የሚኖሩት ወይዘሮ ነፃነት እንኳን በሰላም ገባ ሊሉ መጥተዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። ታታሪ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ይላል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ጭነት ይዞ በሚወርድ መርከብ ላይ ገመድ በመቆጣጠር ከእሱ የሚሻል መርከበኛ አብሮኝ ሠርቶ አያውቅም። ይህን ሙያ የተማረው አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከእናቱ ነው።"

ወይዘሮ ነፃነት ወደ እማዬ ዞረው፣ ባለማመን፣ እትዬ ዳርቱ መርከብ ላይ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ ብለው ጠየቁ። የምታመልጥበት በር ተከፍቶላት ነበር። ንግድ ላይ ነበርኩ ብትል እኔም ዝም እል ነበር፤ ክንዴን እንድትቆነጥጠኝ ጭምር አጠገቧ ነበር የተቀመጥኩት።

"እንጨት ተሸክሜያለሁ" አለች እማዬ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት።"

ከዚያ ተነሥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደች። ስትመለስ ማዳበሪያውን ይዛ ነበር። ገመዱን ከውስጡ አወጣችና የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ አንዱን ጫፍ ለፍሮምሳ ሰጠችው፤ ሳብ አለችው። በሙሉ ጉልበቱ ሳበ። እሷ በሦስት ጣቷ ያዘችው። ወይዘሮ ነፃነት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ አባቴ ሳቀ፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ስንት ዙር አደረግክ ብላ ጠየቀችው። መጀመሪያ ሁለት፣ መርከቡ ወደ ኋላ ሲሄድብኝ ሦስት አላት። ጣውላው እርጥብ ነበር ወይ አለችው። አይ፣ ደረቅ ነው አለ።

"ለደረቅ ሁለት ይበቃል" አለችው። "ሦስተኛዋን የጨመርካት ለፍርሃትህ ነው።"

ፍሮምሳ አንገቱን ደፋ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር አለ።

እማዬ ገመዱን ከምሰሶው ላይ ፈትታ፣ ልክ ከጫካ እንደመጣች ሴት በክንዷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ ለእሱ ሰጠችው።

"እኔም ሁልጊዜ እጨምር ነበር" አለችው።